የቁልፉ ተረኛ

የምንሸጠው የልብስ ሰፊ ዕቃ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ሪባን፣ ከሁሉ በላይ ግን ቁልፍ። የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የሕፃን ልብስ፣ ባለሁለት ቀዳዳ፣ ባለአራት ቀዳዳ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት ቁልፍ በትንንሽ መሳቢያዎች ተደርድሮ ግድግዳውን ሞልቶታል። የበራችን ቁልፍ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው በኋላ "አልነገርከንም" እንዳትሉኝ ነው።

ሠራተኞቹ ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ማስመሪያ ይሉኛል። ያለ ማስመሪያ መስመር አስምሬ ስለማላውቅ ነው። እነሱ ለስድብ ያወጡትን ስም እኔ እንደ ማዕረግ ይዤው እዞራለሁ። ሁለተኛዋ ሐር ናት። ድምጿ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ደንበኛው ራሱ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማት። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ሦስተኛው የባለሱቋ የእህት ልጅ ነው። ጠዋት ሲደወልለት "ደረስኩ፣ ደረስኩ" ይላል፤ ከበስተጀርባው የሻወር ውኃ ሲወርድ ይሰማል። ስለዚህ ደረስኩ እንለዋለን።

የሱቁ ሰዓት ቀን በቀን ይለያያል። ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው፤ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ብቻ እንከፍታለን። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት። ዓርብ ሰፊዎቹ ለነገ የሚያስረክቡት ሥራ ስላለባቸው እስከ ምሽቱ ሁለት እንቆያለን። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አንድ። እሁድ ከሦስት እስከ ስድስት፣ ክር መሀል ላይ ላለቀበት ሰው ያህል።

ይህን ሁሉ ሰዓት ለዓመታት የተከፋፈልነው "እንደተመቸን" በሚል ሕግ ነበር። እንደተመቸን ማለት በተግባር ለደረስኩ እንደተመቸው፣ ለእኔ እንደመሰለኝ፣ ለሐር እንደተረፋት ማለት ነው። ሕጉ የፈረሰው ባለፈው ወር አንድ እሁድ ነው። እኔ ሐር አለች ብዬ ቤቴ ቀረሁ፤ ደረስኩ ማስመሪያ አለ ብሎ ተኛ፤ ሐር ደግሞ ቀድመን "እሁድ የደረስኩ ነው" ብለናት፣ እኛ ብንረሳውም እሷ አምናን ቀረች። ባለሱቋ ሱቁ ተዘግቶ መዋሉን ከሰው ሰምታ በነጋታው መጣች።

ባለሱቋን እትዬ ነው የምንላት። ተቆጥታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ መስመር ትወዳለህ አይደል? ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን መቼ እንደሚወጣ በወረቀት አስፍረህ አምጣልኝ። አንድ ሳምንት በሥርዓት ከሄደ ይቀጥላል። ካልሄደ ግን እኔ ራሴ አወጣዋለሁ።"

እትዬ ራሷ ብታወጣው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ።

በዚያው ቀን ሐር የሪባን ጥቅልሉን እያስተካከለች አጠገቤ መጣች።

"ጋሼ፣ ካላስቸገርኩህ… የሚመጣውን ቅዳሜ፣ ጠዋቱን ብቻ። እስከ ሰባት ሰዓት።"

"ምን አለ ቅዳሜ?"

"ልጄ ትመረቃለች። ነርስ ሆናለች።" ይህን ስትል ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ሳልል ተሰማኝ። "የአዳራሹ በር ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ አይገባም ብለዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ግን ሥራዬ ላይ ነኝ።"

ዘጠኝ ዓመት ምንም ጠይቃን አታውቅም። ባሏ ሲሞት እንኳ በአራተኛው ቀን ነው የተመለሰችው። አንጀቴን በላችው።

"በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት። "ሌላው ቢቀር ቅዳሜ ጠዋት የአንቺ ነው።"

የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ለዚህ ቃል ሲባል የተሰመረ መስመር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ በጣም አስደሳች ነበር። ሱቁ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ደመርኩ፤ ስልሳ አንድ። ለሦስት አካፈልኩት፤ ለአንድ ሰው ሃያ ሰዓት ከትንሽ! ይህን ያህል ዘመን በከንቱ ደክመናል ብዬ ከልቤ አዘንኩ። ሚስቴ ሻይ ይዛልኝ መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችው።

"አንዱ ምሳ ሲበላ ማን ይሸጣል?" አለች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ለቀምኩ። መቆጠር ያለበት በሩ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት ሳይሆን በየሰዓቱ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ሰኞና እሁድ አንድ ሰው ይበቃል፤ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲበላ ሌላው እንዲቆም። እንደዚያ ሲደመር መቶ አሥራ አራት ሆነ። ለሦስት ሲካፈል ልክ ሠላሳ ስምንት። እትዬ ደግሞ ከአርባ በላይ ማንንም አታሠራም፤ ስለምታዝንልን ሳይሆን ከዚያ በላይ መክፈል ስለማትወድ ነው።

ከዚያ በእርሳስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የማይነቃነቀውን ነገር አስቀመጥኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት የሐር ረድፍ ላይ "እረፍት" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እሷ ከሌለች ቅዳሜ ጠዋት እኔና ደረስኩ ነን ማለት ነው። ከሰዓት እሷና ደረስኩ። ዓርብ ረጅም ስለሆነ ለሁለት ከፈልኩት፤ ደረስኩ እስከ ስምንት፣ ሐር ከስምንት በኋላ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ። ማክሰኞ እኔና ሐር፣ ረቡዕ ሐርና ደረስኩ፣ ሐሙስ ደረስኩና እኔ። ሰኞን ለሐር፣ እሁድን ለራሴ። ስደምረው ለእኔ አርባ፣ ለእነሱ ሠላሳ ሰባት ሠላሳ ሰባት መጣ። ሦስቱን ትርፍ ሰዓት እኔ በመውሰዴ ራሴን በጣም አከበርኩት። ሁሉም ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያርፋል።

ደረስኩ ወረቀቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሁለት እስከ አንድ እኔ ብቻ ነኝ ሙሉ ቀን!"

"ሰኞ፣ ማክሰኞና እሁድ አርፈህ ነው እኮ።"

"እሱማ አዎ" አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። እንዲህ ያለ መልስ በወረቀት ተጽፎ ሲገኝ እንዴት እንደሚያረካ ያላየው አያውቀውም።

በማስመሪያ አሰመርኩ፣ በቀለም ጻፍኩ፣ ከመሳቢያዎቹ በላይ ለጠፍኩት። ሰባት ቀን፣ ሦስት ስም፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ምሳ። የረሳሁት ነገር አልነበረም። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሳምንቱ እንደ መስመሬ ሄደ። ዓርብ ማታ እኔና ሐር ልንዘጋ ስንል እኔ ገበር እየለካሁ ነበር። በነጋታው እትዬ ወረቀቱን ልታይ እንደምትመጣ ነግራናለች። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ስትገባ ለሐር የካፖርቴ የላይኛው ቁልፍ መበጠሱን አሳይቻት ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ደረቱ ተከፍቶ አለቃው ፊት መቆሙ ያሳፍራል።

ሐር መብራቶቹን እያጠፋች፣ "ጋሼ፣ የነገውን ቁልፍ እንዴት እናድርገው?" አለችኝ።

ሜትሩ እጄ ላይ ነበር፤ ቀና አላልኩም። "እዚያው ካፖርቴ ላይ አድርጊልኝ።"

"እሺ።"

ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። "አድርጌልሃለሁ።"

"እጅሽ ይባረክ። በይ ሂጂ፣ ልጅሽን ሳሚልኝ።"

ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች። በሩን እሷ ሳበችው፤ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፤ እኔ ዕቃ ተሸክሜ ስለነበር ካፖርቴን እንኳ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረገችልኝ እሷ ናት።

ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ስደርስ አንድ ተአምር ቆሞ ጠበቀኝ። ደረስኩ ደርሷል። በሩ ላይ ተደግፎ እጁን ያፍተለትላል።

"ጋሼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜህ ገባሁ ልል ነበር" አለ፣ "ግን ዝግ ነው።"

"እንዴት ዝግ ይሆናል?"

ጥያቄዬ የምር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ በር ስደርስ ክፍት ነው። ማን እንደሚከፍተው አስቤ አላውቅም፤ ፀሐይን ማን እንደሚያወጣት እንደማላስበው ማለት ነው። የምትከፍተው ሐር ናት፤ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት እንኳ በእረፍቷ ሰዓት መጥታ ከፍታልን ሄዳለች። ዛሬ ግን በእኔ ወረቀት፣ በእኔ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት እረፍት ላይ ናት። ሰባት ቀን፣ ሦስት ስም፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ምሳ። ቁልፍ የሚል መስመር የለም።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሰፊዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንዷ ለሠርግ ቀሚስ ዚፕ ትፈልጋለች፤ አንዱ የስድስት ሱሪ ገበር። "ተረኛው ማን ነው?" ይላሉ። ተረኛው እኔ ነኝ ማለት ከብዶኝ ወደ ደረስኩ አየሁ፤ ደረስኩ ወደ በሩ አየ።

ለሐር ደወልኩ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰልፍ ላይ ናት።

"ሐር፣ ቁልፉ የት ነው?"

"ካፖርትህ ላይ አድርጌልህ የለ?"

ወደ ደረቴ አየሁ። የተበጠሰው ክር እንደተንጠለጠለ ነው። አድርጌልሃለሁ ብላ ሳታደርገው መሄዷ ደግሞ አሁን ጨመረብኝ።

"እሱን ተይው! የሱቁን ነው የምልሽ፣ የበሩን!"

"እኔም እሱን ነው የምልህ። ካፖርትህ ላይ።"

"የለም እያልኩሽ! በዓይኔ እያየሁት ነው፣ የለም!"

"እርግጠኛ ነህ ጋሼ?"

"እኔን ነው እርግጠኛ ነህ የምትይው? ሕዝቡ በር ላይ ቆሟል፣ እትዬ ልትመጣ ነው!"

እስካሁን ራሴን የምጠላው ስለዚህ አረፍተ ነገር ነው። ቁጣው ሌላ ነገር አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው "ግቡ፣ ግቡ" ሲል ይሰማኛል።

"ምናልባት ወድቆብኝ ይሆናል" አለች ቀስ ብላ። "እትዬ ድሮ የሰጠችኝ ትርፍ ቁልፍ ቤት አለኝ። ላምጣው።"

እዚህ ላይ "አይሆንም፣ ልጅሽ ጋ ግቢ፣ እኛ በር እንሰብራለን" የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ያልኩት "ቶሎ በይ" ነው።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን መንገዱን አቋርጣ መጣች። የደረበችው አዲስ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጥሩ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ቀና ብላ አላየችኝም። ከፈተችው። ሰዉ ገፍቶ ገባ። የሠርግ ቀሚሷ ሴትዮ "እባክሽ አንቺ፣ ዚፕ፣ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር!" ስትላት ሐር ሳታስበው ከባንኮኒው ኋላ ገብታ መሳቢያውን ሳበች። ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ እንዲህ ነው።

እትዬ የገባችው ያኔ ነው። ሦስታችንንም ከባንኮኒው ኋላ አየች፤ ሱቁ ሙሉ፣ ሁሉም ይሸጣል። ፊቷ እንደ በዓል በራ።

"አየህ! ወረቀት ማለት ይኸው ነው! ደረስኩ እንኳ ደርሷል! ከእንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችሁም ትሆናላችሁ፣ እንዲህ ነው የሚያምረው።"

ሐር ዚፑን ጠቀለለች። እኔ ካፖርቴን አወለቅሁና ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ካፖርቱ የግድግዳውን እንጨት ሲመታ ኳ አለ።

የልብስ ቁልፍ እንጨት ሲመታ እንደዚያ አይጮህም። ብረት ነው።

ሐር እጇን አቆመች። ወደ ካፖርቱ ሄደች፣ ገለጠችው፣ ከገዛሁት ጀምሮ እጄን አስገብቼበት ከማላውቀው የውስጥ ኪስ የበሩን ቁልፍ አወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ክር አየች። ገባት። ለእኔም ገባኝ።

"የነገውን ቁልፍ ብዬህ ነበር" አለች። "ካፖርቴ ላይ አድርጊልኝ አልከኝ።"

ከዚህ ይልቅ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ስድብ አታውቅም። ያልኳትን ቃል ብቻ ተናገረች።

"እትዬ" አልኩ። "ወረቀቱ አልሠራም። ሐር ዛሬ እረፍት ናት። ልጇ እየተመረቀች ነው፣ በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። የመጣችው እኔ ቁልፉን ደረቴ ላይ ይዤ ቁልፍ አጣሁ ብዬ ስለጮህኩባት ነው።"

እትዬ ሰዓቷን አየች፣ ሐርን አየች፣ ወረቀቱን አየች። "እና አሁን ምን ትሠራለች እዚህ?" አለች። ከእትዬ አፍ ይህን ያህል ደግ ነገር ሰምተን አናውቅም። ሐር ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ትርፉን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ ረስታው ነበር፤ ደረስኩ ሮጦ ሰጣት። ሮጦ ሲደርስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሰች፣ ወረቀቱ እንደሚለው። እኔ መውጫዬ ደርሷል፤ ግን አልወጣሁም።

"አስገቡሽ?"

"አላስገቡኝም። ደጅ ቆሜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁ። ስሟ ሲጠራ ሰማሁት።" ሪባኑን ከመደርደሪያው አወረደች። "ያጨበጨበላት አጠገቧ የተቀመጠች የሌላ ሰው እናት ናት አለችኝ ልጄ። ወንበርሽ ባዶ ስለነበር አዝናልኝ መሰለኝ አለች።"

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ የክር ፍርፋሪ ሆነብኝ፣ ግን አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው፣ ይቅር ብያለሁ ማለቷ አይደለም።

እሁድ ብቻዬን ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ወረቀቱን አወረድኩት። እርሳስ ይዤ ማን ይዘጋል፣ በነጋታው ማን ይከፍታል ብዬ ቀን በቀን ተከተልኩት። ቅዳሜ ማታ የሚዘጉት ሐርና ደረስኩ ናቸው፤ እሁድ የምከፍተው እኔ። ቁልፍ አንድ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ደጅ ነበርኩ፤ የገባሁት አንዱ ቁልፍ እኔ ሱሪ ኪስ፣ ሌላው እሷ ቦርሳ ስላለ ነው። አሰብኩበት፤ በሳምንቱ ውስጥ በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ከእኔና ከሐር አንዳችን የሌለንበት ቀን የለም። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ደረስኩ ቁልፍ የማይዝ መሆኑ ለደንበኞቻችንም እፎይታ ነው። ከሦስቱ ስሞች በላይ አዲስ መስመር አሰመርኩና "የበር ቁልፍ" ብዬ ጻፍኩ። "የበር" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሰኞ እረፍቴ ነው፣ ወረቀቱ ይለኛል። ማክሰኞ ከሐር ጋር ገባን። ቀኑን ሙሉ ከሥራ ውጭ አላወራንም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርቴን ሳነሳ የላይኛው ቁልፍ ቦታው ላይ ነበር። ባለአራት ቀዳዳ፣ በድርብ ጥቁር ክር፣ አንገቱ ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመ።

"ቁልፉን አድርጌልሃለሁ" አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

"እጅሽ ይባረክ" አልኩ፣ የካፖርቱን የውስጥ ኪስም እጄን አስገብቼ ዳበስኩት። ባዶ ነው። ቀና ስል ጥርሷን በእጇ ሸፍናለች።